የሰርግ አዳራሽ ብሮሸር ላይ የምትገባ አንዲት አንቀጽ፦ «እስከ 600 እንግዳ» ብዬ ልጻፍ?

አዳራሽ_ጅማ

ሰላም ናችሁ። አክስቴ እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ የሰርግ አዳራሽ ልትከፍት ነው። ቀለም ብቻ ቀርቷል። ብሮሸሩን እንድጽፍ ለእኔ ሰጥታኛለች፣ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ጽሁፉን ሰኞ ጠዋት ይፈልጋል። ፎቶዎቹ ቦታውን ስለወሰዱት ለጽሁፍ የቀረችኝ አንድ አንቀጽ ናት። እሷ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ምግቡና የፎቶ ፓኬጁ መግባት አለባቸው። አዳራሹ 30 ሜትር በ18 ሜትር ነው፣ መሀል ላይ አራት ምሰሶ አለው። ኩሽና አለን። አብሮን የሚሰራ ፎቶግራፈርም አለ። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«ውብና ዘመናዊ አዳራሻችን እስከ 600 እንግዳ በምቾት ያስተናግዳል። ልምድ ባላቸው ሼፎች የሚዘጋጁ ጣፋጭ የሀገር ባህልና የውጭ ምግቦችን እናቀርባለን። የ8 ሰዓት ፎቶና ቪዲዮ ከማራኪ አልበም ጋር በጥቅል ዋጋ ያገኛሉ። የማይረሳ ቀንዎን ከእኛ ጋር ያሳልፉ።»

አክስቴ ወዳዋለች። እኔን ግን የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል፣ ምን እንደሆነ ለይቼ መናገር አቃተኝ። ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የቆጪ_ልጅ

እንኳን ደስ አላችሁ! ለሚያዝያ ክፍት ናችሁ? የወንድሜ ሰርግ አለ፣ ወደ 500 ሰው ነው የምንጠራው። ዋጋው በሰው ስንት ነው? በውስጥ ላክልኝ።

አዳራሽ_ጅማ

ወንድሜ፣ እዚህ የጻፍኩት ስለ ብሮሸሩ ጽሁፍ ሀሳብ ፈልጌ ነው። ስለ ሚያዝያ አክስቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ።

ሲቪል_3ኛ_ዓመት

30 ሲባዛ በ18፣ 540 ካሬ ነው። አንድ ተቀማጭ ሰው አንድ ካሬ ይበቃዋል። ስለዚህ 540 ይይዛል ማለት ነው። 600 ትንሽ ተጋኗል፣ 540 ብትል ማንም አይከስህም።

ዲኮር14

አይ፣ አይሆንም። ሰርግ ዲኮር መስራት ከጀመርኩ አስራ አራት ዓመቴ ነው፣ ጅማም በደሌም አጋሮም ሰርቻለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ካሬ የሚለው ያን ያህል አልተሳሳተም። የተሳሳተው ከ540 መነሳቱ ላይ ነው። 540 ካሬ ባዶ አዳራሽ ነው። በባዶ አዳራሽ ማንም አይዳርም።

ወንድሜ፣ በራስህ አዳራሽ እንቁጠረው። ወረቀት አምጣና ከእኔ ጋር ቀንስ።

የሙሽሮቹ መድረክ 8 በ4 ይሁን፣ 32 ካሬ ሄደ። ሙሽሮቹ ከበሩ እስከ መድረኩ የሚገቡበት መንገድ ሁለት ሜትር ስፋት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ሚዜዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገቡት፣ ቬሎም አለ፣ ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ የሚቀርጽ የቪዲዮ ሰው አለ። 26 ሜትር ርዝመት በሁለት፣ 52 ካሬ። ሁለት ቡፌ ከነሰልፉ 50 ካሬ። መጨፈሪያው 8 በ7፣ 56 ካሬ። ዲጄው፣ ስፒከሩና የካሜራ ማቆሚያው 16 ካሬ። ደምረው፣ 206 ይመጣል። የቀረህ 334 ካሬ ነው።

አሁን ጠረጴዛ። ለስምንት ሰው የሚሆነው ክብ ጠረጴዛ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ዙሪያውን ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ በየጎኑ ሰባ አምስት ሴንቲ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ከነሰዎቹ 3 በ3 ሜትር ይበላል፣ 9 ካሬ። 334 ለ9 ስታካፍል 37 ጠረጴዛ ነው። አራቱ ምሰሶዎች ቢያንስ ሁለት ጠረጴዛ ያስነሱሃል፣ ከምሰሶ ጀርባ የተቀመጠ ሰው መድረኩን አያይማ። 35 ጠረጴዛ በስምንት፣ 280 ሰው። ያንተ አዳራሽ ይሄ ነው።

ጠረጴዛ ሳይኖር ወንበር ብቻ ብትደረድር፣ ሰው ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቢበላ፣ 400 ድረስ ትሄዳለህ። 600 ግን በየትኛውም መንገድ አይገባም።

ሲቪል_3ኛ_ዓመት

እሺ፣ መድረኩንና ቡፌውን አልቀነስኩም፣ ልክ ነህ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስፋቱ ብቻ አይደለም፣ በሩም መታየት አለበት። በር አንድ ብቻ ከሆነ 280ም ብዙ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይ የሆነ ነገር ተቃጥሎ ሰው በአንዴ ልውጣ ቢል ምን ይሆናል? ስንት በር አለው?

አዳራሽ_ጅማ

ዋናው በር ሰፊ ነው፣ ሁለት ተካፋች። በኩሽናው በኩል ሌላ አለ፣ ግን እቃ ማስገቢያ ነው።

ዲኮር14

ሲቪል ይሄን ጥሩ አነሳ። የኩሽናውን በር ለመውጫ እንዳትቆጥረው፣ በሰርግ ቀን እዚያ በር ላይ የቢራ ሳጥንና የእንጀራ መሶብ ተደርድሮ ነው የሚውለው። በጎን በኩል ሌላ በር አስከፍት። ብሮሸር ላይ ባይጻፍም ከመክፈታችሁ በፊት ይሰራ።

ጨረቃ

እኔ ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልበል፣ አሁንም ስለሚያናድደኝ ነው። አምና እህቴን ስንድር አንድ አዳራሽ ተከራየን፣ ብሮሸሩ ላይ «400 እንግዳ» ይላል። እኛ ደግሞ 350 ጠርተናል ብለን በልበ ሙሉነት ገባን። ሰባት ሰዓት ላይ ወንበር አለቀ። ስልሳ የሚሆን ሰው ቆመ። ከሰቃ በጠዋት ተነስቶ የመጣው አጎታችን ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ምሰሶ ተደግፎ ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ ሲበላ አየሁት። እንጀራው ሲወድቅበት በጉልበቱ ያዘው። ሮጬ ሄጄ ከሙዚቀኞቹ ወንበር ለምኜ አመጣሁለት። ምንም አላለም፣ «ተይው ልጄ» ብቻ አለኝ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ያ 400 በወንበር ብቻ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም፣ መጠየቅ እንዳለብን በምን እናውቃለን?

ዲኮር14

ጨረቃ፣ አይዞሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ 350 ስትሉ 350 ካርድ ነው ወይስ 350 ሰው?

ጨረቃ

...ካርድ።

ዲኮር14

ሁለተኛው ጣጣ እሱ ነው። ካርዱ ላይ «አቶ እገሌ ከነባለቤታቸው» ተብሎ ነው የሚጻፈው። 350 ካርድ እንግዲህ፣ ያልመጣውን ቀንሰሽ፣ ባልና ሚስት የመጡትን ጨምረሽ፣ ልጅ ያስከተሉትን ደምረሽ፣ እኔ እንዳየሁት 450 ላይ ያርፋል። አዳራሹ ሰው ይቆጥራል፣ ቤተሰቡ ካርድ ይቆጥራል፣ ሁለቱም «350» ይላሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰርጉ ቀን ነው የሚለያየው። ብሮሸሩ «ሰው» ማለቱን በግልጽ መጻፍ አለበት።

አዳራሽ_ጅማ

ለአክስቴ አነበብኩላት። 280 ስላት ደነገጠች። «ሌላው ሁሉ 600 እያለ እኔ 280 ብዬ ማን ይመጣልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው እኮ፣ ሰው ብሮሸር ሲያይ መጀመሪያ ቁጥሩን ነው የሚያየው።

ዲኮር14

እትዬ ፈርተው ነው፣ ይገባኛል። ግን ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ፣ 280 በጠረጴዛ፣ 400 በወንበር። ሌላው አዳራሽ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ሲመጣ ደንበኛው ራሱ «ያንተ 600 በምን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

ሌላም አለ። «በአንድ ጊዜ» የሚል ቃል ጨምሩ። ጅማ ላይ ሰርግ በዙር ነው የሚበላው፣ ጎረቤትና እድሩ በመጀመሪያ፣ የሥራ ባልደረባ በኋላ። በሁለት ዙር ከሆነ 500 ሰው ተጠርቶ በደህና ይስተናገዳል። ይሄን ግን እንደ አቅም አትጻፉት፣ ደንበኛው ሲመጣ በቃል አስረዱት። ቡፌው በሁለተኛው ዙር ቀዝቅዞ እንዳይጠብቅ የወጥ ቤቱ ዝግጅት ይለያያል።

ወጥ_ቤት

ምግብ ላይ ስለመጣችሁ ልግባ። ሃያ ዓመት የሰርግ ወጥ ሰርቻለሁ፣ አሁን ሰዎች ቀጥሬ ነው የማሰራው።

ልጄ፣ «ጣፋጭ የሀገር ባህልና የውጭ ምግብ» ብለህ የጻፍከው ለደንበኛው ምንም አይነግረውም። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ስንት አይነት እንደሆነና ስንት እንደሚደርሰው ነው። ዶሮ ወጥ አለ ስትለው «ለሁሉም ይደርሳል?» ይልሃል። ዶሮ አስራ ሁለት ብልት ነው። 280 ሰው አንድ አንድ ብልት ቢያነሳ 24 ዶሮ ነው፣ ግን አንድ ብቻ አንስቶ የሚሄድ የለም፣ አጥንቷን የሚያነሳም የለም፣ ስለዚህ እኔ ከ40 በታች ሰርቼ አላውቅም። ሰላሳ ዶሮ አርዶ «ዶሮ ወጥ አለን» የሚል አዳራሽ አለ፣ ከቡፌው ግማሽ ላይ ድስቱ ባዶ ይሆናል፣ የኋለኛው ሰው እንቁላልና ቁሌት ይዞ ይቀመጣል።

ሰልፉም አለ። አንድ ሰው ሳህኑን ሞልቶ እስኪያልፍ ግማሽ ደቂቃ ነው፣ ቢፈጥን። 280 ሰው በአንድ ረድፍ ከተሰለፈ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል! ሁለት ቡፌ ከግራም ከቀኝም የሚነሳበት ካደረግክ አራት ረድፍ ይሆናል፣ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ሁለት ቡፌ በአራት ረድፍ» ብለህ ጻፍ። ሰርግ ላይ የተሰለፈ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሲቪል_3ኛ_ዓመት

የጾም ምግብስ? እሱ ግን ለረቡዕና ዓርብ ብቻ ስለሆነ፣ ሰርግ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ስለሚሆን፣ ብዙም አያስፈልግም መሰለኝ።

ወጥ_ቤት

ልጄ፣ ይሄ ጅማ ነው። ኦርቶዶክሱ በዐቢይ ጾም አይዳርም፣ እሱ ልክ ነው። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ግን መጋቢት ላይ ይድራል፣ የሚጠራው ጎረቤት ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው። ያ ጎረቤት ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል፣ ቅዳሜና እሁድም ስጋና ወተት አይነካም። ሙሽራው ለራሱ አያስፈልገውም ብሎ የጾም ምግብ ካላዘዘ ጎረቤቱ ሰላጣና ዳቦ በልቶ ይሄዳል። መጥቶ አክብሮህ፣ ጦሙን ሸኘኸው ማለት ነው። ስለዚህ የጾም ቡፌ ሁልጊዜ አለ ብላችሁ ጻፉ፣ ሽሮም ይሁን ምስርም ይሁን ጎመንም ይሁን።

የመርካቶ_ሰፈር

እትዬ ወጥ ቤት እግዜር ይስጥልን፣ ግን ትልቁ ጉዳይ ገና አልተነሳም። ስጋው የማነው? እኔ ሙስሊም ነኝ። የክርስቲያን ጎረቤቴ ሰርግ ስሄድ መጀመሪያ የማየው «የሙስሊም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቡፌ አለ ወይ ብዬ ነው። ካለም ጥያቄው አያልቅም፣ ማን አረደው፣ በየትኛው ድስት ተሰራ፣ ማማሰያው አንድ ነው ወይስ የተለየ? አንድ ጊዜ ተለጥፎ አይቼ ልወስድ ስል አስተናጋጇ በአንዱ ጭልፋ ከሁለቱም ወጥ ስታወጣ አየኋት። ሳህኑን አስቀምጬ ሙዝ በላሁ። የጠራኝን ሰው ላለማስቀየም ምንም አልተናገርኩም።

ወጥ_ቤት

ልክ ነህ፣ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ማንሳት ነበረብኝ። እኔ ድስትና ጭልፋ እለያለሁ፣ ጭልፋው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ኩሽናው ግን አንድ ነው፣ በአንዱ ጥግ ይሄ፣ በሌላው ጥግ ያ። እስካሁን ቅሬታ አልመጣብኝም።

የመርካቶ_ሰፈር

እትዬ፣ በክብር ነው የምናገረው፣ እኔ እንዳደረግኩት ሰው ዝም ብሎ ሙዝ ስለሚበላ ነው ቅሬታ ያልመጣብዎት። ለእኔ አንድ ኩሽና አይበቃም። ፈንጠር ይላል፣ ሳህኑ አብሮ ይታጠባል። አራጁም ሙስሊም፣ አብሳዩም ሙስሊም፣ ቦታውም የተለየ ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ።

ወጥ_ቤት

እንደዚያ የሚፈልግ አለ፣ ድስቱ ከተለየ የሚበቃውም አለ። ሙስሊም ደንበኞቼ ሁሉም አንድ አይነት አይደሉም። ሁለት ኩሽና ደግሞ ወጪ ነው፣ ሁሉም አዳራሽ አይችልም።

ዲኮር14

ይሄን እዚህ አንጨርሰውም። ለብሮሸሩ ግን መልሱ ቀላል ነው፣ ያለውን ብቻ መጻፍ። አዳራሽ_ጅማ፣ የእናንተ ምን ይመስላል?

አዳራሽ_ጅማ

ትልቁ ኩሽና አንድ ነው። ከጓሮ ግን አክስቴ ለቡና መቁያና ለእቃ ማጠቢያ ብላ ያሰራችው በቆርቆሮ የተከደነ ቤት አለ፣ ውሃ ገብቶለታል። እሱን ሁለተኛ ኩሽና ማድረግ እንችላለን። አሁን ስደውልላት «ምድጃ እጨምርበታለሁ፣ ምን ችግር አለው» አለችኝ። የምናውቀው ሙስሊም አብሳይ አለ።

የመርካቶ_ሰፈር

እንግዲያው ጻፈው። ሙስሊም ደንበኛ ያንን አንድ መስመር አንብቦ ነው የሚደውልልህ። እቃ ማጠቢያውም የተለየ እንዲሆን አድርጉ።

ካሜራ_ቦዬ

ሰላም፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። ስለ ፎቶ ማንም ስላላነሳ ልናገር፣ «የ8 ሰዓት ፎቶና ቪዲዮ» የምትለዋን ዛሬውኑ አውጣት። እኔን አጣልታኛለች።

ውሌ ላይ «የ8 ሰዓት ቀረጻ» ብዬ ጽፌ ነበር። ስምንት ሰዓት ያህል መቅረጽ ማለቴ ነው። የሙሽራዋ አባት ያነበቡት «እስከ 8 ሰዓት» ብለው ነው፣ ማለትም ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳል ብለው። ከዚያ በኋላ ላለው ሌላ ሰው በገንዘብ ቀጠሩ። እኔ ኬክ ሲቆረስ ካሜራዬን ደቅኜ ቆሜ አለሁ፣ ሌላው ልጅ ከጎኔ ይገፋኛል። ሁለታችንም ተከፍሎናል፣ አባትየው ሁለት ጊዜ ከፈሉ። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር «8 ሰዓት» ሁለት ነገር ነው። ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ጻፍ፣ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት»። ስምንት ሰዓት ሞላ፣ የሚያጣላም የለም።

ከየት እንደሚጀምርም ይጻፍ። ከሙሽራዋ ቤት ነው ወይስ ከአዳራሹ? ሙሽራዋ ፀጉር ቤት ሆና የሚነሳው ፎቶ ሰው የሚወደው ነው፣ ግን ሁለተኛ ካሜራ ይፈልጋል፣ ሙሽራው በዚያ ሰዓት ሌላ ሰፈር ነዋ።

ሌላው የውጪ ፎቶ ነው። ጅማ ላይ ሁሉም ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መነሳት ይፈልጋል፣ ወይ ቦዬ። ጅሬን ሽቅብ ወጥቶ መውረድና መነሳቱ ከአዳራሹ ሰዓት ላይ ይቆረጣል፣ ግቢው ውስጥ ለመቅረጽም ቀድሞ ማስፈቀድ ነው። ጥር ከሆነ ሰማዩ ጥሩ ነው። ሚያዝያ ላይ ግን ከሰዓት ዝናብ ይመጣል፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ለሚያዝያ ሰርግ የውጪ ፎቶ ጠዋት ነው የማስገባው። ድሮንም ከፈቃድ ውጪ አታነሳም፣ ፈቃድ የሌለው ሰው አሰልፈህ «ድሮን አለን» ብለህ እንዳትጽፍ።

ሙሽሪት_ጥር

እኔ ጥር ላይ ነው ያገባሁት፣ ሌላ ከተማ። ፓኬጁ ላይ «ማራኪ አልበም» የሚል ነበር። ስንት ገጽ? አይልም። መቼ? አይልም። አልበሙ በሰባተኛው ወር መጣ፣ ሃያ ገጽ፣ አባቴ ያሉበት ፎቶ አንድ ብቻ፣ እሱም ከጎን። ሌሎቹን ፎቶዎች ስጡኝ ስል ሌላ ክፍያ ተጠየቅኩ። በዚያ መሀል አባቴ ታመው ነበርና አልበሙን ለማየት ቸኩለው ነበር። ድነዋል፣ ተመስገን። ግን እኔ ያን ሰባት ወር በየሳምንቱ ስደውል ነው የኖርኩት።

እባክህ የገጹን ቁጥርና የሚረከቡበትን ቀን ጻፍ።

ካሜራ_ቦዬ

ትክክል ናት። እኔ አልበም በ60 ቀን፣ ያልተመረጡትን ፎቶዎች ደግሞ በፍላሽ በ15 ቀን እሰጣለሁ። ቀኑን ስጽፍ ደንበኛው ፎቶ መርጦ ካልሰጠኝ እንደማይቆጠር ጨምሬ ነው፣ ብዙ ሰው መርጦ ሳይልክ ወር ይቆያልና። አዳራሽ_ጅማ፣ ከናንተ ጋር የሚሰራው ልጅ የሚችለውን ቀን ጠይቀህ ነው የምትጽፈው፣ የእኔን እንዳትገለብጥ።

ጨረቃ

ዋጋ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? እኔ ብሮሸር ላይ ዋጋ ከሌለ አልደውልም።

ወጥ_ቤት

እኔ አይጻፍ ባይ ነኝ። ብሮሸሩ ዓመት ይቆያል፣ ሽንኩርትና ዘይት ግን ዓመት አይቆዩም። በአሮጌ ዋጋ መጥቶ «ይሄው ጽፋችኋል» ሲልህ ወይ ትከስራለህ ወይ ትጣላለህ።

ካሜራ_ቦዬ

በተለየ ወረቀት አትመህ ብሮሸሩ ውስጥ አስገባው፣ ሲቀየር ወረቀቱን ብቻ ቀይር። ግን ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር መጻፉን አትርሱ። በሰው ስታባዛው 15 በመቶ ቀላል አይደለም።

ጨረቃ

ወረቀቱ ይወድቃል። ሁልጊዜ ይወድቃል። እኔ አሁንም ብሮሸሩ ላይ ይሁን ነው የምለው።

አዳራሽ_ጅማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ፎቶግራፈራችን 45 ቀን ይበቃኛል አለ፣ እኔ 60 አድርጌበታለሁ። ይሄው፦

«አዳራሻችን 30 በ18 ሜትር ነው። በክብ ጠረጴዛ 280 ሰው፣ በወንበር ብቻ ሲሆን 400 ሰው በአንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ መድረኩ፣ መጨፈሪያውና ቡፌው የያዙት ቦታ ተቀንሶ ነው። ሲያስይዙ የካርዱን ሳይሆን የሰውን ቁጥር ይንገሩን። ምግቡ በሁለት ቡፌ በአራት ረድፍ ይነሳል። የጾም ምግብ በማንኛውም ወር አለ። የሙስሊም እንግዶች ምግብ በተለየ ኩሽና፣ በሙስሊም አብሳይ ይዘጋጃል፣ እቃውም ለብቻው ይታጠባል። ፎቶና ቪዲዮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በሁለት ካሜራ ይቀረጻል። ሁሉንም ፎቶዎች በፍላሽ በ15 ቀን፣ ባለ 40 ገጽ አልበም ፎቶ መርጠው በሰጡ በ60 ቀን ይረከባሉ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለን።»

ዲኮር14

ጥሩ ነው። የጄኔሬተሯ መስመር በተለይ። ግን ጄኔሬተሩ ስፒከሩንም መብራቱንም የኩሽናውን ማቀዝቀዣም አንድ ላይ ይችላል? ሳትሞክሩት አታትሙ።

አዳራሽ_ጅማ

ቅዳሜ ሁሉንም አብርተን እንሞክራለን።

ወጥ_ቤት

ምን ምን ወጥ እንዳለ አልጻፍክም።

አዳራሽ_ጅማ

ቦታ አጣሁ እትዬ። የወጡን ዝርዝር ከዋጋው ጋር በተለየ ወረቀት አደረግነው። ጨረቃ እንዳትቆጪኝ።

ወጥ_ቤት

እንግዲያው እዚያ ወረቀት ላይ ስንት ዶሮ እንደሚታረድ ጻፍ።

የመርካቶ_ሰፈር

ምድጃው ከመተከሉ በፊት ግን አይታተም።

አዳራሽ_ጅማ

ማክሰኞ ነው የሚተከለው። ማተሚያ ቤቱን እስከ ሐሙስ ጠብቁኝ ብዬዋለሁ።

የቆጪ_ልጅ

እኔም ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ዛሬ ማታ ከወንድሜ ጋር ዝርዝሩን እንደገና ቆጠርን። 500 ያልነው ሰው አልነበረም፣ 310 ካርድ ሆኖ በግምት ነው ያበዛነው። በሰው ስንቆጥረው፣ ከነባለቤትና ከነልጅ፣ 430 መጣ። የቆጪ እድርተኛና የሰፈር ሰው 190፣ የሙሽራዋ ወገንና የሥራ ባልደረባ 240። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌሎቹን ስምንት ሰዓት ላይ ብንጠራቸው በጠረጴዛ ይሆናል? ከሚጋበዙት ሙስሊሞች 120 ይሆናሉ። ወንድሜ ደግሞ ጅሬን ልነሳ ብሏል።

ዲኮር14

ይሆናል። ካርዱ ላይ ሰዓቱን ለየብቻ አሳትሙ፣ አንድ አይነት ካርድ ለሁሉም እንዳትበትኑ። በሁለቱ ዙር መሀል ጠረጴዛ ለማጽዳት አንድ ሰዓት ያህል ተዉላቸው፣ ሰፈርተኛውም ቶሎ አይነሳም፣ ቡና ይጠጣልና ቡናውን ውጪ ድንኳን ውስጥ አድርጉት።

ካሜራ_ቦዬ

ጅሬን ከአራት ሰዓት በፊት ይውረዱ። ከሰዓት ይዘንባል።